የግቢው ቆጣሪና የንዑስ ቆጣሪዎቹ ድምር ለምን አልገጠመም?

«በአንድ ግቢ አራት ተከራዮች አንድ ዋና የመብራት ቆጣሪ እንጋራለን። ለየቤቱ ንዑስ ቆጣሪ ቢገባም ባለፈው ወር ዋናው 420 ሲቆጥር የአራታችን ድምር 352 ሆነ። ትርፉን 68 እኩል ስለምንካፈል፣ 45 ብቻ የቆጠርኩት እኔ የ62 እከፍላለሁ። ልዩነቱ በበዓል ሰሞን ይብሳል። ሂሳቡ 1,680 ብር ነበር። ቆጣሪዬ ተበላሽቶ ይሆን? ማዕድ ቤቱ የጋራ ነው።»

ጤና ይስጥልኝ። የእርስዎ ቆጣሪ ተበላሽቷል ብዬ አላምንም። የተበላሸ ቆጣሪ በዓል አይለይም፤ በዓል ሲደርስ የሚበዛው እንጀራ መጋገር ነው። ስለዚህ ጥርጣሬዬ በጋራው ማዕድ ቤት ባለው ምጣድ ላይ ነው፤ የምጣዱ መስመር ከአራቱም ንዑስ ቆጣሪዎች በፊት ከዋናው ላይ ተጠልፎ ይሆናል። እንዲህ ያለ ሥራ ብዙ አይቻለሁ። አንድ ግቢ ውስጥ የምጣዱ ገመድ ከዋናው ብሬከር መግቢያ ላይ ተጠምዝዞ በፌስታል ተጠቅልሎ ነበር፤ ፌስታሉ ቀልጦ ከመዳቡ ጋር ተጣብቆ አገኘሁት።

ማረጋገጫው ቀላል ነው። በቀን፣ የግቢው መብራት ጠፍቶ ማንም በማይጋግርበት ሰዓት፣ ዋናውን ብሬከር ሳይነኩ የአራቱን ቤቶች ብሬከር ብቻ ያጥፉና ዋናው ቆጣሪ ላይ ብልጭ የምትለውን ቀይ መብራት ይመልከቱ። ከዚያ ምጣዱን ለጥቂት ደቂቃ ያብሩት። አራቱም ቤቶች ጠፍተው ሳለ ምጣዱ ከጋለና ቀይዋ መብራት ከፈጠነች ጉዳዩ ተገኝቷል።

ይህችን ቀይ መብራት ብዙ ሰው የጌጥ ያህል ስለሚያያት ጥቂት ልዘርዝር። በቆጣሪው ፊት ላይ 1000 imp/kWh ወይም 1600 imp/kWh የሚል ጽሑፍ አለ፤ 1000 ከሆነ መብራቷ 1,000 ጊዜ ብልጭ ስትል አንድ ኪሎዋት ሰዓት ተቆጠረ ማለት ነው። ስለዚህ በሁለት ብልጭታ መካከል ያለውን ሰከንድ በስልክዎ ለክተው 3,600 ን ለሰከንዱ ቢያካፍሉ፣ በዚያች ቅጽበት ግቢው የሚጠቀመውን ዋት ያገኛሉ። (ጽሑፉ 1600 ከሆነ የሚካፈለው 2,250 ነው።) ባለ 40 ዋት አምፖል ብቻውን ሲበራ ብልጭታው በ90 ሰከንድ አንዴ ይመጣል፤ ባለ 3,500 ዋት ምጣድ ሲበራ ግን በየሰከንዱ ግድም ነው። ሁሉም ጠፍቶ፣ ምጣዱም ተነቅሎ፣ መብራቷ በየጥቂት ሰከንዱ ብልጭ ማለቷን ካላቆመች ሌላ የተጠለፈ መስመር ወይም ወደ መሬት የሚፈስ ኤሌክትሪክ አለና ባለሙያ ይጥሩ።

የመስመሩን ሳጥን ከመክፈትዎ በፊት አንድ ነገር ይያዙልኝ፦ ዋናው ብሬከር ቢጠፋም ከቆጣሪው እስከ ብሬከሩ መግቢያ ያለው ገመድ ኤሌክትሪክ እንደያዘ ነው። በቴስተር ሳይፈትሹ ምንም አይንኩ፤ የቆጣሪውን ማኅተም ደግሞ ጨርሶ አይንኩ።

ጥርጣሬዬ ልክ ከሆነ ሂሳቡ እንዲህ ይስተካከላል። ምጣዱ ለሁለት ሰዓት ሲሠራ 7 ኪሎዋት ሰዓት ይወስዳል፤ በወር 8 ጊዜ ቢጋገር 56 ይሆናል። በየሌሊቱ ለ10 ሰዓት ያህል የሚበራ የግቢ አምፖል 40 ዋት ከሆነ በ30 ቀን 12 ይጨምራል፤ ድምሩ 68 ነው። አምፖሉ የሁሉም ስለሆነ ለእያንዳንዱ ቤት 3 ይደርሰዋል፤ የምጣዱ 56 ግን የሚጋገርለት ሰው ዕዳ ነው። የመጀመሪያው ቤት 4 ጊዜ፣ ሁለተኛው 3 ጊዜ፣ ሦስተኛው አንድ ጊዜ ጋግረው እርስዎ ካልጋገሩ፣ የእርስዎ 48 ብቻ ይሆናል። 1,680 ብርን ለ420 ሲያካፍሉ ለአንዱ 4 ብር ስለሚደርስ 192 ብር ይከፍላሉ፤ በእኩል ክፍፍሉ ግን 248 ብር ነበር። ታሪፉ ፍጆታ ሲጨምር እያደገ የሚሄድ በመሆኑ ለብቻዎ ቆጣሪ ቢኖርዎ የአንዱ ዋጋ ይቀንስልዎ ነበር፤ በጋራ ቆጣሪ ግን ለሁሉም አማካዩን ዋጋ መያዝ ከጭቅጭቅ ያድናል።

ዘላቂው መፍትሔ ለምጣዱ አምስተኛ ንዑስ ቆጣሪ መትከል ነው። የጋገረ ሰው ከመጀመሩ በፊትና ሲጨርስ ቁጥሩን ደብተር ላይ ይመዝግብ። ምጣዱ 16 አምፔር ያህል ስለሚስብ 4 ሚሊሜትር ካሬ የመዳብ ገመድና የራሱ 20 አምፔር ብሬከር ያስፈልገዋል። መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም እንዳይሸጡልዎ ጫፉን በምላጭ ፍቀው ይዩ፤ ውስጡ ነጭ ከሆነ ይመልሱት። ርካሽ ንዑስ ቆጣሪም አይግዙ፤ ምንም ሳይበራ የሚቆጥር አጋጥሞኛል፣ ስለዚህ ከመትከልዎ በፊት ጭነት ሳይኖረው አንድ ሌሊት ያሳድሩት። አምስቱንም የሚያነቡት ዋናው ቆጣሪ በሚነበብበት ዕለት ይሁን፤ የቀናት ልዩነት ካለ ድምሩ ዳግም አይገጥምም። ገመዱን የሚቀይረው ሰው የብሬከሩ መግቢያ ብሬከሩ ቢጠፋም ኤሌክትሪክ እንዳለው ሳይነገረው ሥራ አይጀምር።