ስልክን ቻርጅ ላይ ማሳደር ባትሪውን ይጎዳል?

ጥያቄ፦ «ማታ ስተኛ ስልኬን ሰክቼው ነው የማድረው። አንዱ ባትሪውን ትገድለዋለህ ይለኛል፣ ሌላው አዲስ ስልክ ሲሞላ ራሱ ያቆማል ይላል። የምታውቁ እስቲ ንገሩኝ፣ የቱን ልመን?»

ራሱ ያቆማል ያለህ ሰው አልዋሸህም። መቶ ሲሞላ በስልኩ ውስጥ ያለው የቻርጅ መቆጣጠሪያ ቺፕ ወደ ባትሪው የሚገባውን ኤሌክትሪክ ይዘጋል፤ ከዚያ በኋላ ስልኩ የሚሠራው በዋናነት ከቻርጀሩ በሚያገኘው ኃይል ነው። ባትሪው ትንሽ ሲወርድ ብቻ ትንሽ ይጨመርለታል። ስለዚህ «ሌሊቱን ሙሉ ሲገባበት አድሮ ይፈነዳል» የሚባለው ነገር በደህና ስልክና በደህና ቻርጀር ላይ አይሠራም።

ችግሩ ሌላ ቦታ ነው፤ ባትሪው መቶ ላይ ሆኖ በሚቆይባቸው ሰዓታት። የስልክ ባትሪ ሊቲየም አዮን ነው። ሲሞላ ቮልቴጁ 4.2 ይደርሳል፣ በአሁኖቹ ስልኮች ደግሞ ከዚያም ያልፋል። በዚህ ከፍታ ላይ ውስጡ ያለው ፈሳሽ ቀስ በቀስ እየተበላሸ ኃይል የሚይዘውን ሊቲየም ይቀንሰዋል። ሙቀት ሲጨመርበት ይፈጥናል። ልኩን ለማየት፦ ባትሪ 40 በመቶ ተሞልቶ በ25 ዲግሪ ሙቀት አንድ ዓመት ቢቀመጥ ከአቅሙ 4 በመቶ ገደማ ያጣል። ሙሉ ሆኖ ቢቀመጥ የሚያጣው ወደ 20 ይጠጋል። ሙሉ ሆኖ 40 ዲግሪ ላይ ከቆየ ደግሞ ወደ 35 ይወጣል። ይህ ዓመቱን ሙሉ ሳይነካ ለተቀመጠ ባትሪ ነው፤ ያንተ ስልክ ሌሊት ብቻ ስለሚሞላ ጉዳቱ ከዚህ ያነሰ ነው፣ አካሄዱ ግን ያው ነው።

አሁን ያንተን ሌሊት እናስላው። ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ 30 በመቶ ሆኖ ሰካኸው እንበል። በፈጣን ቻርጀር 5 ሰዓት ተኩል ላይ ይሞላል። 12 ሰዓት ላይ ስትነቃ ባትሪው ስድስት ሰዓት ተኩል መቶ ላይ ቆሟል ማለት ነው። በወር ሲደመር 195 ሰዓት ነው፣ ስምንት ቀን ገደማ።

አዲሶቹ ስልኮች የሚያሳጥሩት ይህንን ቆይታ ነው። እስከ 80 በመቶ ቶሎ ይሞሉና ይቆማሉ፤ የምትነቃበት ሰዓት ሲቃረብ የቀረውን 20 ይጨርሳሉ። ስድስት ሰዓት ተኩሉ ወደ ደቂቃዎች ወረደ ማለት ነው። አይፎን ላይ ይህ ከ2019 ጀምሮ (ከአይኦኤስ 13 ወዲህ) አለ፤ ስሙ Optimized Battery Charging ነው። ሳምሰንግ ላይ በባትሪው ክፍል Battery protection ውስጥ Adaptive የሚለውን ትመርጣለህ። ፒክስል ላይ Adaptive Charging ይባላል።

ብዙ ሰው «አብርቼዋለሁ፣ ግን ሌሊት ስነሳ መቶ ሞልቶ አገኘዋለሁ» ይላል። አይፎን ልማድህን ለማወቅ ቢያንስ 14 ቀን ይፈልጋል። በዚያው ቦታም ቢያንስ ዘጠኝ ጊዜ፣ በያንዳንዱ አምስት ሰዓትና ከዚያ በላይ ተሰክቶ መቆየት አለበት። የአካባቢ መለያው (ሎኬሽን) ከተዘጋም አይሠራም፣ ቤት መሆንህን የሚያውቀው በዚያ ነውና። የመኝታ ሰዓትህ በየቀኑ የሚለያይ ከሆነ ግምቱን ትተህ ቁርጥ ያለ ገደብ ማድረጉ ይሻላል፦ አይፎን 15ና ከዚያ በኋላ የወጡት ላይ Charge Limit፣ ሳምሰንግ ላይ Maximum። ሁለቱንም 80 ላይ እንዲያቆሙ ማድረግ ትችላለህ። ዋጋው ግልጽ ነው፤ በየቀኑ አንድ አምስተኛውን ኃይል ትተዋለህ። ቀኑን ሙሉ ከቤት ውጭ ለሚውል ሰው ይህ አያዋጣም ባይ ነኝ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ለሚሆነው ብለህ ዛሬ ከሰዓት ስልክህ ቢዘጋ ምን ይጠቅምሃል?

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ሙቀቱን ተከታተል። ትራስ ሥር ወይም ብርድ ልብስ ውስጥ የተሰካ ስልክ ሙቀቱን የሚያወጣበት የለውም። ሽቦ አልባ ቻርጀር ላይ ትንሽ ወደ ጎን ከተቀመጠ ደግሞ የሚባክነው ኃይል ሙቀት ይሆናል። ጠንካራ ነገር ላይ አስቀምጠው፣ ወፍራም ሽፋን ካለውም አውልቀው። ሌሊት ነክተኸው ለብ ካለ ችግር የለም፤ እጅ የሚለበልብ ከሆነ ንቀለው።

የስልኩ ጀርባ ወይም ስክሪኑ ከጠርዙ ብድግ ካለ፣ ወይም ጠረጴዛ ላይ ስታስቀምጠው ከተወዛወዘ ባትሪው አብጧል። ያ ሲሆን አሠካኩን ማስተካከል አይረዳም፤ ቻርጅ ማድረጉን አቁም፣ አትጫነው፣ አትውጋው፣ ባትሪውን በባለሙያ አስቀይር።