የተቀመጠው ማን ነው?

«ታክሲ ውስጥ ተቀምጬ ስልኬ ተሰረቀ» ብዬ ጻፍኩ። ጓደኛዬ «የተቀመጠው ስልክህ ነው እንዴ?» ብሎ ሳቀብኝ። ስህተቴ የቱ ጋ ነው? (ከኮዬ ፈጬ)

ጓደኛህ «የባለቤት ምልክት የሌለው ግሥ የማሠሪያውን ባለቤት ይወስዳል» የሚለውን የእንግሊዝኛ ሕግ ነው አማርኛ ላይ የጫነው። የእኛ ቦዝ አንቀጽ ባለቤቱን ይዞ ነው የሚመጣው። «ተቀምጬ» ላይ ያለችው «ጬ» እኔ ማለቷ ነው። ሥሯም ሩቅ ነው። ግእዝ «ቤቴ» ለማለት «ቤትየ» ይላል፤ በቦዙም «ቀቲልየ» ይላል። አማርኛ ላይ ያ «የ» ከፊቱ ካለው ፊደል ጋር ተዋሐደና «ጠ» «ጬ» ሆነ፣ «ተ» «ቼ» ሆነ፣ «ደ» «ጄ» ሆነ። ስለዚህ አንተ በጻፍከው ላይ ስልኩ ሊቀመጥ አይችልም።

የቦዙና የማሠሪያ አንቀጹ ባለቤት ሁልጊዜ አንድ መሆን አለበት የሚሉ አሉ። አልስማማም። «ነግቶ ተነሣን» ስንል የነጋው እኛ አይደለንም። «ደክሞኝ ተኛሁ» ላይም የ«ደክሞ» ባለቤት እኔ አይደለሁም፤ እኔን የያዘችው ተሳቢዋ «ኝ» ናት። ሁለቱም ንጹሕ አማርኛ ናቸው።

እውነተኛው ወጥመድ ሦስተኛ መደብ ላይ ነው። «ታክሲ ውስጥ ተቀምጦ ስልኩ ተሰረቀ» በል። «ተቀምጦ» እሱ ነው፣ «ተሰረቀ»ም እሱ ነው። ምልክቶቹ ስለገጠሙ ዓይን ዝም ብሎ ያልፈዋል። አሁን ሰውየውን ሴት አድርጋት፦ «ተቀምጣ ስልኳ ተሰረቀ»። የቦዙ ባለቤት ሴት ሆነች፣ ማሠሪያው ግን ከስልኩ ጋር ቀረ። ክፍተቱ ያኔ ይታያል። እኔ ሳርም ሁልጊዜ የማደርገው ይህንኑ ነው።

መጠገኛውም እዚሁ ደጃችን አለ። መገናኛ የወረደ ሰው «ስልኬን ተሰረቅኩ» ነው የሚለው። በዚያች «ን» ምክንያት ስልኩ ተሳቢ ይሆናል፣ ባለቤቱም ሰውየው። «ታክሲ ውስጥ ተቀምጦ ስልኩን ተሰረቀ» ብትል ማንም አይሳሳትም። ያንተንም «ስልኬን ተሰረቅኩ» ብትለው እመርጣለሁ። ስህተት ሆኖ አይደለም፤ ለጆሮዬ ስለሚጥመኝ ነው።

ይልቅ የምፈራው «ለመ»ን ነው። «ወደ ቱሉ ዲምቱ ለመሄድ ታክሲው ጠፋ» ላይ «ለመሄድ» ባለቤቱን የሚያሳይ ምንም ምልክት የለውም፤ ሄያጁ ታክሲው ይመስላል። ባለቤት ስጠው፦ «ወደ ቱሉ ዲምቱ ልሄድ ብዬ ታክሲ አጣሁ»። «ለመመዝገብ መታወቂያ ያስፈልጋል» የሚለውንም ለዓመታት ስሰርዝ ነበር። ተመዝጋቢው መታወቂያው አይደለማ! አሁን ግን በየመሥሪያ ቤቱ በር ተለጥፏል፣ ሁሉም ይረዳዋል። ባይዋጥልኝም ትቼዋለሁ።