60 በመቶ የጠበበውን ትተው 90 በመቶው ላይ ብቻ ስቴንት ለምን?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የምጽፍልዎ ከደሴ ነው። አባባ 63 ዓመታቸው ነው። ከፒያሳ ወደ ቤት አቀበቱን ሲወጡ ደረታቸውን ጨምድዶ ይይዛቸዋል፤ ቆም ሲሉ ይለቃቸዋል። አዲስ አበባ ወስደናቸው አንጂዮግራም የሚባለውን የልብ ቧንቧ ራጅ ተነሱ። ወረቀቱ ቀኙ ቧንቧ 90 በመቶ፣ የግራው የፊተኛው 60 በመቶ፣ ሦስተኛው 30 በመቶ ጠቧል ይላል። ሐኪሙ 90ው ላይ ቧንቧውን ከፍቶ የሚይዝ ስቴንት የሚባል የብረት መረብ እናስገባለን፣ 60ውን ግን ሳንለካ አንነካውም አሉን። ከግማሽ በላይ የተዘጋ ቧንቧ እንዴት ዝም ይባላል? አንዴ ከገቡ አይቀር ሁሉንም ቢጨርሱት አይሻልም? ገንዘቡን ቤተሰቡ አዋጥቶ ይሞላል።

መልስ፦ እህቴ፣ እኔም ብሆን እንደዚያው ነበር የማደርገው። የአንጂዮግራሙ ቪዲዮ ያለበትን ሲዲ አላየሁትም፤ ወረቀቱ ላይ ያለው ግን ለውሳኔው በቂ ምክንያት ይሰጣል።

መጀመሪያ 60 የሚለው ቁጥር ከየት እንደመጣ ልንገርዎ። አባትዎ የተኙበት ክፍል ውስጥ ሐኪሙ በእጅ አንጓ ወይም በብሽሽት በኩል ቀጭን ቱቦ አስገብቶ እስከ ልብ ቧንቧዎች አፍ ያደርሳል። ከዚያ ቀለም ይረጫል፤ ራጁም በቪዲዮ ይቀርጻል። ስክሪኑ ላይ የሚታየው ጥቁር መስመር ቀለሙ ነው፤ የቧንቧው ግድግዳ አይታይም። መስመሩ የሆነ ቦታ ላይ ሲቀጥን ሐኪሙ ያንን ቦታ አጠገቡ ካለው ጤነኛ ከሚመስል ክፍል ጋር ያስተያየዋል። ጤነኛው 3 ሚሊሜትር፣ የቀጠነው 1.2 ሚሊሜትር ቢሆን 60 በመቶ ጠቧል ይባላል።

አብዛኛውን ጊዜ ግን ይህ የሚገመተው በዓይን ነው። አንዱን ቪዲዮ ሁለት ጎበዝ ሐኪሞች አይተው አንዱ 50፣ ሌላው 70 ሊል ይችላል። ሁለቱም አልዋሹም። ወረቀት ላይ ሲጻፍ ግን በሚዛን የተመዘነ ይመስላል።

ሌላም ጣጣ አለው። ግድግዳው ላይ የሚጠራቀመው ቅባት ቧንቧውን ዙሪያውን እኩል አያጠበውም፤ ብዙ ጊዜ አንድ ጎኑን ብቻ ይዞ የቀረውን ክፍተት ጠፍጣፋ ያደርገዋል። እንጀራ ከላይ ሲያዩት ሰፊ ነው፣ ከጎን ሲያዩት ክር ነው፤ የጠበበውም ቦታ እንደዚያው ነው። ለዚህ ነው ማሽኑ በአባትዎ ዙሪያ ሲዞር የነበረው። አንድን መጥበብ ቢያንስ ከሁለት አቅጣጫ ያላየ ሰው ስለ በመቶው ባይናገር ይሻላል። እንዲሁም አጠገቡ ያለው «ጤነኛ» ክፍል ራሱ በቅባት የቀጠነ ከሆነ ማስተያያው ስለሚበላሽ ቁጥሩ ከእውነቱ ያንሳል።

አሁን ወደ አቀበቱ ልመለስ። አባትዎ ቁጭ ሲሉ ምንም የማይሰማቸው ለምንድን ነው? ቧንቧው ሲጠብ ከእሱ በታች ያሉት ጥቃቅን የደም ሥሮች ራሳቸውን ከፈት ያደርጋሉ፤ ደሙም እንደምንም ይደርሳል። ቁጭ ባለ ሰው ላይ የደሙ መጠን የሚቀንሰው መጥበቡ 85 ወይም 90 በመቶ አካባቢ ሲደርስ ነው። ዳገት ሲወጡ ግን ልብ ብዙ ደም ይፈልጋል። ጥቃቅኖቹ ደግሞ አስቀድመው ተከፍተው መጠባበቂያቸውን ጨርሰዋል። ስለዚህ በድካም ጊዜ ከ50 በመቶ ጀምሮ እጥረት ሊመጣ ይችላል። «ይችላል» ነው ያልኩት። ከ50 እስከ 70 ያለው ሰፈር ላይ አንዱ ሰው ይጎዳል፣ ሌላው ምንም አይሆንም። ልዩነቱን የሚያመጡት የመጥበቡ ርዝመት፣ ቧንቧው የሚያጠጣው ጡንቻ ስፋት እና የቀረው ቀዳዳ ቅርጽ ናቸው። እነዚህን በመቶው አይነግርዎትም።

90ው ግን ሌላ ነገር ነው። ከ3 ሚሊሜትር 0.3 ብቻ ይቀራል። በስፋት ቢያሰሉት ከመቶው አንድ እጅ ነው የቀረው። ሕመሙም የታወቀው የድካም ሕመም ነው። ኢኮ በሚባለው የልብ አልትራሳውንድ ላይ ቀኙ ቧንቧ የሚያጠጣው የልቡ የታችኛው ግድግዳ ደህና የሚንቀሳቀስ ከሆነ ጡንቻው በሕይወት አለ ማለት ነው። እዚያ ላይ ስቴንት ማስገባት ምክንያት አለው፤ መለካትም ብዙ አያስፈልግም።

60ው ላይ «እንለካ» ሲሉ እንዲህ ነው። በጣም ቀጭን የሆነ፣ ጫፉ አካባቢ ግፊት መለኪያ ያለው ሽቦ በዚያው ቱቦ ይገባና የጠበበውን ቦታ አልፎ ይቆማል። ከዚያ አዴኖሲን የሚባል መድኃኒት ይሰጣል። ልቡ ዳገት እየወጣ እንዳለ ያህል ደም እንዲፈስ ያደርጋል። ደረታቸውን ትንሽ ጫን ሊላቸው ይችላል፤ መድኃኒቱ ሲቆም ቶሎ ያልፋል። ከመጥበቡ በፊት ያለው ግፊት እና ከመጥበቡ በኋላ ያለው ግፊት አንድ ላይ ይነበባሉ። ኋላው ለፊተኛው ይካፈላል።

በአባትዎ ላይ ሁለት መልክ ሊመጣ ይችላል። ፊት 92፣ ኋላ 80 ቢነበብ ውጤቱ 0.87 ነው። መጥበቡ ግፊቱን ብዙም አልቀነሰውም፤ ስለዚህ ስቴንት አይገባም፣ መድኃኒት ይቀጥላል። ፊት 92፣ ኋላ 68 ቢነበብ ግን 0.74 ነው። መለያው 0.80 ነው፤ እሱና ከእሱ በታች ከሆነ ያ መጥበብ ጡንቻውን እያስራበ ነው። የግራው የፊተኛው ቧንቧ፣ ሐኪሞች ኤልኤዲ የምንለው፣ የልብን ትልቁን ክፍል ስለሚያጠጣ ያኔ ስቴንት ማስገባቱ ተገቢ ነው። ሁለቱም ቪዲዮ ላይ ያው 60 ናቸው።

ይህ በደንብ የተፈተነ ነገር ነው። ፌም የተባለው በ2009 የወጣ ጥናት በዓይን አይቶ ስቴንት ማስገባትን ለክቶ ከማስገባት ጋር አወዳድሮ ነበር። የተለካላቸው ሰዎች ያነሰ ስቴንት ገባላቸው፤ በአንድ ዓመት ውስጥ የገጠማቸው ችግርም ያነሰ ሆነ። በዓይን ከ50 እስከ 70 ከተባሉት መጥበቦች ውስጥ በሽቦው ሲለኩ በእርግጥ ደም የሚያስርቡት ከሦስት አንድ ያህሉ ብቻ ነበሩ። ከ90 በላይ የተባሉት ግን ሁሉም ማለት ይቻላል ያስርባሉ። የአባትዎ ሐኪም አንዱን ሳይለኩ ሌላውን ለመለካት የፈለጉት ለዚህ ነው።

«አንዴ ከገቡ አይቀር» የሚለው ሐሳብ ይገባኛል። አዲስ አበባ መመላለስ ቀላል አይደለም። ግን ስቴንት ብረት ነው፤ ከገባ በኋላ አይወጣም። አስፕሪን እና ክሎፒዶግሬል አብረው ሊዋጡ የግድ ነው፤ ለእንዲህ ዓይነቱ የቆየ ሕመም ብዙ ጊዜ 6 ወር። መሀል ላይ በተለይ በመጀመሪያው ወር ከተቋረጠ ስቴንቱ ውስጥ ደም ሊረጋ ይችላል። ያ ደግሞ ሃርት አታክ የሚባለው ድንገተኛ የልብ ድካም ነው፤ አስቀድሞ ከነበረው መጥበብ የባሰ። ምንም ያልጎዳ መጥበብ ላይ ስቴንት ማስገባት አዲስ አደጋን ያለ ጥቅም መግዛት ነው። መድኃኒቱ ደሴ በቋሚነት የሚገኝበትን ፋርማሲም ከቀጠሮው በፊት ያረጋግጡ።

አንድ ነገር ቤተሰቡ በሙሉ ቢሰማው ደስ ይለኛል። በ2020 የታተመው ኢስኬሚያ የተባለ ጥናት 5,179 እንደ አባትዎ የቆየ ሕመም ያላቸው ሰዎችን ተከታትሏል። መድኃኒት ብቻ የወሰዱት እና ከመድኃኒቱ ጋር አስቀድሞ ስቴንት ወይም ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው በሞትም ሆነ በድንገተኛ የልብ ድካም አልተለያዩም። ልዩነቱ የታየው ሕመሙ ላይ ነው፤ ስቴንቱ ደረታቸውን በደንብ አሳረፈላቸው። ስለዚህ የ90ው ስቴንት አባባን አቀበቱን ያስወጣቸዋል። ዕድሜ ያረዝማል ብላችሁ ግን አታስቡ።

ለነገሩ እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ማንም ያልጠየቀበት 30ው ነው። ድንገተኛ የልብ ድካም ብዙ ጊዜ የሚነሳው ትንሽ ብቻ ካጠበበ ቅባት ነው፤ ሽፋኑ ይሰነጠቃል፣ ደም ይረጋበታል፣ ቧንቧው በደቂቃዎች ይዘጋል። ይህን አንጂዮግራም አስቀድሞ አያሳይም፤ የሚያሳየው ቀዳዳውን እንጂ ግድግዳውን አይደለም ብያለሁ። 30ው ላይ ስቴንት የሚያስገባ ጤነኛ ሐኪም የለም። እሱን የሚጠብቀው አቶርቫስታቲን የመሰለ የቅባት መድኃኒት በየቀኑ መዋጡ፣ ደም ግፊት ካለ መስተካከሉ፣ ሲጋራ ካለ መቆሙ ነው። ስቴንት ገባ ተብሎ የቅባት መድኃኒቱን የሚተው ሰው በጣም ብዙ ነው። እባክዎ አባባን ይከታተሉልን።

የሚለካው ሽቦ በሁሉም ቦታ አይገኝም፣ ሲገኝም ለብቻው ይከፈልበታል። ከቀጠሮው በፊት ደውለው ይጠይቁ። ከሌለ 90ው ይሠራና አባባ ደሴ ይመለሱ፤ አቀበቱን እንደ ልማዳቸው ይሞክሩት። ደረታቸው ዝም ካለ 60ው በመድኃኒት ሊቆይ ይችላል። ሕመሙ ካልለቀቃቸው ደግሞ በትሬድሚል ወይም ልብን እያደከሙ በሚነሳው ስትሬስ ኢኮ 60ውን መፈተን ይቻላል። ሌላ ሐኪም ማማከር ከፈለጉም ወረቀቱን ብቻ ሳይሆን ሲዲውን ይዘው ይሂዱ።

ይህ ሁሉ የማይሠራባቸው ሁለት ነገሮች አሉ። አንዱ የግራዎቹ ቧንቧዎች የሚወጡበት የግራው ዋና ግንድ ነው፤ እሱ ላይ 50 በመቶም ከባድ ነው፣ አንዳንዴም ከስቴንት ይልቅ ቀዶ ሕክምና ይመረጣል። የአባትዎ ወረቀት ላይ ግንዱ ጤነኛ ነው ወይ ብለው ይጠይቁ። ሌላው ድንገተኛ የልብ ድካም ነው። ሕመሙ ቁጭ ባሉበት ከመጣ፣ በእረፍት ካልለቀቀ፣ ላብ ካጠመቃቸው ወይም ወደ ክንድና መንጋጋ ከሄደ ቀጠሮ አይጠበቅም። አዲስ አበባን ሳያስቡ እዚያው ደሴ በቅርብ ወዳለው ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይውሰዷቸው፤ ኢሲጂ ቶሎ ይነሱ። አስፕሪን የማይስማማቸው ካልሆነ 300 ሚሊግራም አኝከው ይዋጡ፣ በእግራቸውም አይሂዱ።