ሊምፎሳይት ነው ወይስ ሞኖሳይት? በደም ስላይድ ላይ ጥያቄና መልስ

የላቦራቶሪ ተማሪ፦ መምህር፣ ትኩሳትና የጉሮሮ ሕመም ያለበት የ17 ዓመት ልጅ ስላይድ ቆጥሬ ከ100 ነጭ ሕዋሳት 26 ሞኖሳይት አገኘሁ። ማሽኑ ግን 7 ይላል። የትኛውን ልመን?

መልስ፦ ለጊዜው ሁለቱንም አትመን። መቶ ሕዋስ ብቻ ሲቆጠር 26 የሚለው ቁጥር በአጋጣሚ ከ17 እስከ 36 ድረስ ሊዋዥቅ ይችላል፤ 7 ግን ከዚህ ውጭ ነው። ስለዚህ ከሁለታችሁ አንዱ ሕዋሱን በተሳሳተ ስም ጠርቶታል። እንዲህ ባለው ሕመምተኛ መጀመሪያ የምጠረጥረው ለኢንፌክሽን ምላሽ የሰጠውን ትልቅ ሊምፎሳይት ነው፤ ሞኖሳይት መስሎ የሚያታልል እንደ እርሱ ያለ የለም።

ከመፍረድህ በፊት የቆጠርህበትን ቦታ አረጋግጥ። ቀይ ሕዋሳት ሳይደራረቡ ጎን ለጎን የሚነካኩበትና መሐላቸው ፈዘዝ ብሎ የሚታይበት ክፍል ትክክለኛው ነው። ወፍራሙ ክፍል ላይ ነጭ ሕዋሳት ተኮማትረው ይጠቁራሉ፤ ጭራው ጫፍ ላይ ደግሞ ተዘርግተው ሊምፎሳይቱ ሁሉ ሞኖሳይት ይመስላል።

ከዚያ በ100 እጥፍ የዘይት ሌንስ ዳር ዳሩን ተመልከት። ምላሽ የሰጠው ሊምፎሳይት ለስላሳ ስለሆነ አጠገቡ ያለውን ቀይ ሕዋስ ያቅፈዋል፤ በሚነካካበት ጠርዝ ላይም ሰማያዊው ይጠቁራል። ሞኖሳይት ብዙውን ጊዜ አያቅፍም፤ ሰውነቱ ዳር እስከ ዳር ጭጋግ የመሰለ ግራጫ ሰማያዊ ሲሆን በጣም ደቃቅ ቅንጣቶች ተነስንሰውበታል። በመጨረሻ ኑክሊየሱን እይ፤ የሞኖሳይቱ ሳሳ ያለና የተሸበሸበ ነው፣ የሊምፎሳይቱ ግን ቦታ ቦታ ተጓጉሎ ጠቆር ያለ ነው።

ሌላ አባል፦ ይህ ሁሉ ለምን? ኑክሊየሱ የታጠፈ ከሆነ ሞኖሳይት ነው፣ አለቀ።

መልስ፦ ግማሹ እውነት ነው፤ ብዙ ሞኖሳይቶች የታጠፈ ኑክሊየስ አላቸው። ነገር ግን ክብ ኑክሊየስ ያለው ሞኖሳይትም አለ፤ ሊምፎሳይቱንም ቀይ ሕዋስ ከጎን ሲገፋው ኑክሊየሱ ይሰረጎዳል። ቅርጽ ይዋሻል፤ እኔ የምተማመነው በኑክሊየሱ ውስጣዊ አሠራር ነው።

የጤና ጣቢያ ባለሙያ፦ እኔም ጋ ተመሳሳይ ችግር አለ። ስላይዶቼ ሁሉ ሰማያዊ ናቸው፣ ኢዮሲኖፊል ካየሁ ቆየሁ።

መልስ፦ የእርስዎ ጉዳይ ሌላ ይመስለኛል፤ ቢሆንም መልሱ አጭር ነው። በመጀመሪያ ቀይ ሕዋሳቱን ይመልከቱ። ሮዝ መሆን ሲገባቸው ግራጫ ወይም አረንጓዴ ቢጤ ከሆኑ ባፈሩ አልካሊ ሆኗል። ለወባ ጊምሳ የሚዘጋጀውን የ7.2 ፒኤች ባፈር ለራይት ቀለም ተጠቅመው ይሆን? ለሕዋስ ልየታ 6.8 አካባቢ ይሻላል። ኢዮሲኖፊሎቹ አልጠፉም፤ ብርቱካናማ ቅንጣቶቻቸው ወደ ግራጫ ስለተቀየሩ ኒውትሮፊል ተብለው እየተቆጠሩ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ባለ ስላይድ ላይ ለሁለት የተከፈለ ኑክሊየስና ትልልቅ፣ እኩል መጠን ያላቸው ቅንጣቶች ይረዱዎታል።

ሌላዋ ተማሪ፦ ሕዋሱ ውስጡ ባዶ ቀዳዳዎች ካሉትስ? ያ ሞኖሳይት መሆኑን አያረጋግጥም?

መልስ፦ ደሙ ትኩስ ከሆነ ይጠቁማል እንጂ አያረጋግጥም። ኢዲቲኤ ባለበት ቱቦ ውስጥ ለብዙ ሰዓታት የቆየ ደም ግን በኒውትሮፊሉም ጭምር ቀዳዳ ይፈጥራል። ስለዚህ የደሙን መቀጃ ሰዓት ሳታዪ ቀዳዳ አትቁጠሪ።

የላቦራቶሪ ተማሪ፦ ደግሜ ቆጠርሁ። ከ26ቱ 8 ብቻ ሞኖሳይት ሆነው ቀሩ፤ 18ቱ ቀይ ሕዋስ ያቀፉ ናቸው። ግን አሁን ደግሞ በደም ካንሰር የሚታዩት ያልበሰሉ ሕዋሳት፣ ብላስቶች፣ እንዳይሆኑ ፈራሁ።

መልስ፦ ጥሩ ፍርሃት ነው። አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ 18ቱ ይመሳሰላሉ? ምላሽ የሰጡ ሊምፎሳይቶች ብዙ ጊዜ የተዘበራረቁ ናቸው፤ አንዱ ሰፊ፣ አንዱ ጠባብ፣ አንዱ ደማቅ ሰማያዊ፣ አንዱ ፈዛዛ። ብላስቶች ግን የአንድ እናት ልጆች ይመስላሉ፤ የኑክሊየሳቸው ውስጥ ደቃቅና ያልተጓጎለ ሆኖ ኑክሊዮለሱ በግልጽ ይታያል፣ በዙሪያው ያለው ሰማያዊም ጠባብ ነው። የፕላትሌቱንና የሄሞግሎቢኑን ቁጥርም አብረህ ተመልከት።

የላቦራቶሪ ተማሪ፦ አይመሳሰሉም፣ ፕላትሌቱም ሄሞግሎቢኑም ደህና ነው። ከ18ቱ ሁለቱ ሕዋሳት ግን ምን እንደሆኑ አሁንም አልገባኝም።

ሌላ አባል፦ ወደ አንዱ ወገን መድባቸው፤ ሁለት ሕዋስ ምን ይለውጣል?

መልስ፦ በዚህ አልስማማም። አንዳንድ ላቦራቶሪ ምላሽ የሰጡትን ለብቻ ይቆጥራል፣ አንዳንዱ ከሊምፎሳይት ደምሮ በአስተያየት ይጽፋል፤ የላቦራቶሪህን ደንብ ተከተል። ያልታወቁትን ሁለት ግን በግምት አትመድባቸው። ሌላ 100 ሕዋስ ቁጠርና እንደነሱ ያለ ከተገኘ ቦታቸውን ምልክት አድርገህ ስላይዱን ለሁለተኛ ሰው ስጥ፤ የቆጠርኸውን ግን ቀድመህ አትንገረው።