የግላስተንበሪ አጥር

«የሮክ ፌስቲቫል የሂፒዎች መሰብሰቢያ ነበር ይባላል። ታዲያ እንዴት ትልቅ ንግድ ሆነ?»

ብዙ ሰው ስግብግብነትን ይወቅሳል። እኔ ግን አጥሩን ተመልከት እልሃለሁ።

የእንግሊዙን ግላስተንበሪ እንውሰድ። ማይክል ኢቪስ የተባለ የወተት ከብት አርቢ በ1970 (በፈረንጆቹ አቆጣጠር) በእርሻው ላይ ሲጀምረው መግቢያው 1 ፓውንድ ነበር፤ በዚያ ላይ የእርሻው ወተት በነጻ ይታደል ነበር። የመጣው ሰው 1,500 ያህል ነው። በማግስቱ ዓመት ጭራሽ መግቢያው ነጻ ሆነ።

ከጊዜ በኋላ ትኬት መሸጥ ቢለመድም፣ አጥር ዘሎ ወይም ከሥሩ ሾልኮ መግባት እንደ ወግ ተቆጥሮ ቀጠለ። በ2000 የተፈቀደው 100,000 ሰው ሆኖ ሳለ የገባው ከእጥፍ እንደሚበልጥ ተገመተ። በዚያው ክረምት በዴንማርኩ ሮስኪልድ ፌስቲቫል መድረክ ፊት ዘጠኝ ወጣቶች በግፊያ ሞቱ። ከዚያ ወዲያ ፈቃድ ሰጪው ባለሥልጣን የሚጠይቀው ስለ ሙዚቃው ሳይሆን ስለ ሰው ብዛትና ስለ መውጫ በሮች ሆነ።

በ2001 ዝግጅቱ ቀረ። በ2002 ሲመለስ ዙሪያው በረጅም የብረት አጥር ታጥሯል፤ ጥበቃውንም ሚን ፊድለር የተባለ የኮንሰርት ኩባንያ ይዞታል። ትኬት የሌለው አይገባም፤ ስለዚህ ገቢው አስቀድሞ ይታወቃል። ገቢው ከታወቀ ደግሞ ከታዋቂ ዘፋኝ ጋር ከወራት በፊት መዋዋል ይቻላል።

ግላስተንበሪ እንኳ ለበጎ አድራጎት ድርጅቶች ይለግሳል። መድረኩን በቢራ ስም የሚሰይሙት ሌሎቹ ናቸው፣ እነሱን ብትወቅስ አልከራከርህም።