«ገንዘብሽን ለማውጣት መጀመሪያ ታክስ ክፈዪ» አሉኝ

ጤና ይስጥልኝ። አብሮ አደግ ጓደኛዬ ቴሌግራም ላይ ወዳለ የ«ትሬዲንግ» ግሩፕ አስገባችኝ። በቀን 2 በመቶ ትርፍ የተረጋገጠ ነው ይላሉ። 500 ዶላር ዩኤስዲቲ በሚባል የክሪፕቶ ገንዘብ አስገባሁ። በሁለተኛው ሳምንት ለሙከራ 50 ዶላር ሳወጣ ያለ ምንም ችግር ደረሰኝ። አሁን ሁለት ወር ሆኖኛል፤ አፑ ላይ ያለው ሂሳቤ ከ1,500 ዶላር አልፏል። 1,000 ላወጣ ስጠይቅ ግን «መጀመሪያ የሂሳብሽን 20 በመቶ ታክስ፣ 300 ዶላር፣ ላኪ» አሉኝ። ጓደኛዬ «ክፈዪና ይለቁልሻል» ትላለች። እሷ ራሷ ብዙ ጊዜ አውጥታለች፤ ውሸታም አይደለችም። እህቴም በእኔ በኩል ገብታ ያጠራቀመችውን ልታስገባ ነው፤ ከእሷ 10 በመቶ ኮሚሽን አገኛለሁ። ልክፈል ወይስ ይቅርብኝ?

ግራ የገባት

እህቴ፣ እንዳትከፍዪ። እህትሽንም ዛሬውኑ አስቁሚያት። የቀረውን ቀስ ብለን እንነጋገራለን።

ከታክሱ ልጀምር። ትክክለኛ የኢንቨስትመንት ድርጅት ታክስ ወይም ኮሚሽን መቁረጥ ካለበት እጁ ላይ ካለው ገንዘብሽ ላይ ይቆርጣል። መቁረጥ ከሌለበት ደግሞ ግብሩን አንቺው ራስሽ ለመንግሥት ግብር ሰብሳቢ ትከፍያለሽ። ትርፍሽ እንዲለቀቅ ከኪስሽ አዲስ ገንዘብ አውጥተሽ ወደ አንድ የክሪፕቶ አድራሻ የምትልኪው ግብር ግን የትም አገር የለም።

ካላመንሽኝ ፈትኛቸው። «300ውን እዚያው ካለኝ ሂሳብ ላይ ቁረጡና የቀረውን ላኩልኝ» ብለሽ ጻፊላቸው። «ሲስተሙ አይፈቅድም» ይሉሻል። ወይም «አካውንትሽ በሕገወጥ ገንዘብ ዝውውር ተጠርጥሮ ታግዷል፤ በ48 ሰዓት ውስጥ ካልከፈልሽ ይወረሳል» ይሉሻል። መቁረጥ የማይችሉት የሚቆረጥ ነገር ስለሌለ ነው። 1,500 ዶላር የሚባለው ስክሪን ላይ የተጻፈ ቁጥር ብቻ ነው፤ ከፈለጉ ነገ 15,000 ያደርጉታል። 300ውን ብትልኪ ደግሞ በማግስቱ «የማረጋገጫ ተቀማጭ»፣ ከዚያ «የመዘግየት ቅጣት» ይመጣል። የሚቆመው አንቺ መክፈል ስታቆሚ ነው።

«ታዲያ 50ውን ለምን ሰጡኝ?» ትይኛለሽ። ያ 50 ዶላር የራስሽ ነው። ከሰጠሻቸው 500 ላይ ቆንጥረው መለሱልሽ፤ በእሱም እምነትሽን ገዙ። እንዲያውም ርካሽ ነው የገዙት፤ አሁን ሌላ 300 ሊጨምሩበት፣ የእህትሽንም ሊያገኙ ነው። ስለዚህ ትንሽ ገንዘብ መውጣቱ መድረኩ እውነተኛ ለመሆኑ ማስረጃ አይሆንም። ፈተናው ሁሉንም በአንድ ጊዜ ማውጣት ነው።

አፑ ላይ ያለው ቻርትም አያታልልሽ። የዋጋው መረጃ ትክክለኛ ሊሆን ይችላል፤ ከእውነተኛ ገበያ በቀጥታ አምጥቶ ማሳየት ለማንም ፕሮግራመር ቀላል ነው። «ግዛ» ብለሽ የምትጫኚው ትእዛዝ ግን ወደ የትኛውም ገበያ አይሄድም።

አሁን ወደ 2 በመቶው እንምጣ። 500 ዶላር በየቀኑ 2 በመቶ እየወለደ፣ ትርፉም እየተደመረበት አንድ ዓመት ቢቀመጥ ወደ 688,000 ዶላር ይደርሳል። ስልክሽ ላይ አስይው። ይህን ማድረግ የሚችል ሰው ያንቺን 500 ምን ያደርግለታል? ከባንክ በዓመት 20 በመቶ ወለድ ተበድሮ ብቻውን ቢሠራ በጥቂት ዓመታት ዓለምን ይገዛት ነበር። ቴሌግራም ላይ ሰው ሲለምን አይውልም።

ግን ልብ በይ፣ አጭበርባሪ ሁሉ ይህን ያህል ስግብግብ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1920 ቦስተን ውስጥ ቻርልስ ፖንዚ በ45 ቀን 50 በመቶ ትርፍ እሰጣለሁ ብሎ ነበር። በዓለም አቀፍ የፖስታ ኩፖን ንግድ ነው የማተርፈው ይል ነበር፤ የሚከፍለው ግን አዲስ የገባውን ሰው ገንዘብ ለቀደመው እየሰጠ ነው። አሜሪካዊው የገንዘብ አስተዳዳሪ በርናርድ ማዶፍ ደግሞ ጨዋ መሳይ ነበር። ደንበኞቹ የሚያዩት ትርፍ በዓመት 10 በመቶ ገደማ ነበር። ሰው ያልጠረጠረው ለዚህ ነው። ገበያው ሲወድቅም ሲነሣም የእሱ ትርፍ ግን ከሞላ ጎደል አይናወጥም ነበር፤ ዋናው ምልክት እሱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2008 የገንዘብ ቀውስ ጊዜ ደንበኞች በአንድ ላይ ገንዘባችንን መልስ ሲሉት ነገሩ ፈረሰ። በወረቀት ላይ 65 ቢሊዮን ዶላር ገደማ አለ ይባል ነበር፤ አብዛኛው ጭራሽ ኖሮ አያውቅም። ስለዚህ የትርፉን ትልቅነት ብቻ አትዪ። አንድም ቀን፣ አንድም ሳምንት የማይከስር ካየሽ እሱ በቂ ምልክት ነው። እውነተኛ ነጋዴ አንዳንድ ቀን ይከስራል።

ጓደኛሽ ውሸታም አይደለችም ስትዪ አምንሻለሁ። እሷ የምታወጣው ገንዘብ ካንቺና ከመሰሎችሽ የመጣ ስለሆነ በእርግጥም ይደርሳታል፤ ከየት እንደመጣ ግን አታውቅም። ላንቺ የተባለው 10 በመቶም ከእህትሽ ቁጠባ ላይ ተቆርጦ ነው የሚሰጥሽ። እንዲህ ያለው ነገር የሚቆየው አዲስ ሰው እስከገባ ድረስ ብቻ ነው። አንድ ሰው 6 ሰው ቢያስገባ፣ እነሱም 6 6 ቢያስገቡ፣ በ13ኛው እርከን ላይ 13 ቢሊዮን ሰው ያስፈልጋል። ዓለም ላይ ያለው 8 ቢሊዮን ገደማ ነው። በብዙ አገር ደግሞ ኮሚሽን እየተቀበለ ሰው ያስገባ፣ እሱ ራሱ የተታለለ ቢሆንም፣ በሕግ ሊጠየቅ ይችላል።

ግሩፑ ላይ «ፈቃድ አለን» የሚል ሰርተፍኬት ለጥፈው ይሆናል። አብዛኛውን ጊዜ እነዚህ ወረቀቶች ድርጅት መመዝገቡን ብቻ የሚያሳዩ ናቸው። ለምሳሌ እንግሊዝ አገር ማንም ሰው በትንሽ ክፍያ ኩባንያ ማስመዝገብ ይችላል፤ የሰውን ገንዘብ ተቀብሎ ኢንቨስት ለማድረግ ግን ከሌላ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ለብቻው ፈቃድ ያስፈልጋል። የባሰባቸው ደግሞ የእውነተኛ ድርጅት ስምና የፈቃድ ቁጥር ይሰርቃሉ። ስለዚህ እነሱ በላኩልሽ ሊንክ አትግቢ። የተቆጣጣሪውን ድረ ገጽ ራስሽ ፈልገሽ ክፈቺና እዚያ የተመዘገበው የድርጅቱ ድረ ገጽና ስልክ ከምትጠቀሚው አፕ ጋር አንድ መሆኑን አስተያዪ።

አሁን ምን ታደርጊያለሽ? ከግሩፑ ከማስወጣታቸው በፊት ውይይቱን፣ የሂሳቡን ገጽ፣ ገንዘብ የላክሽበትን አድራሻና የግብይቱን መለያ ኮድ ስክሪንሾት አንሺ። ዩኤስዲቲውን ለገዛሽበት አገልግሎት አመልክቺ፤ ለፖሊስም አስመዝግቢ። የመታወቂያ ፎቶ ልከሽላቸው ከሆነ ያንንም ጨምረሽ ተናገሪ፤ በስምሽ ሌላ አካውንት ሊከፍቱበት ይችላሉ። ስልክሽን ከርቀት የሚቆጣጠር አፕ አስጭነውሽ ከሆነ አጥፊው፤ የይለፍ ቃሎችሽንም በሌላ ስልክ ወይም ኮምፒውተር ቀይሪ። የተላከ ክሪፕቶ ባንክ እንደሚመልሰው ዝውውር አይደለምና ያንን 450 ዶላር የማግኘት ዕድልሽ አነስተኛ ነው። ይህን እያወቁ «እናስመልስልሽ» ብለው የሚደውሉ አሉ። ቅድሚያ ክፍያ የጠየቀሽ ሁሉ ከእነዚያው ወገን ነው።

ጓደኛሽን ደግሞ አትጣያት። ክርክርም አትግጠሚ፤ በቃል አታሸንፊያትም። አንድ ነገር ብቻ ጠይቂያት፦ ያላትን ሁሉ፣ እስከ መጨረሻዋ ዶላር፣ ዛሬ አንቺ አጠገብ ሆና ታውጣ። ታክስ ከጠየቋት ራሷ አየች ማለት ነው። ከወጣላትም ደግ፤ ቢያንስ እሷ ያስገባችውን አድና ትወጣለች።