ወረቀቱን አዙሩት፦ ለመንጃ ፈቃድ ተፈታኞች

ልጆቼ፣

የመንገድ ምልክቶችን መሸምደድ ብዙም አያስቸግራችሁም። የሚጥላችሁ የመስቀለኛ መንገዱ ሥዕል ነው። ሦስት መኪኖች ተስለው «ማን ቀድሞ ያልፋል?» ሲባል አብዛኞቻችሁ ትገምታላችሁ። ዕድሜዬን መንዳት ሳስተምር የኖርኩ ሰው ነኝና ዛሬ ይህን ጥያቄ አብረን እንፍታው። የምነግራችሁ መኪና በቀኝ በኩል ስለሚነዳበት አገር ነው። በግራ የሚነዳበት አገር ከሆናችሁ የራሳችሁን መመሪያ ተከተሉ።

መኪኖቹን ከማየታችሁ በፊት በመስቀለኛው ላይ አዛዡ ማን እንደሆነ ፈልጉ። ትራፊክ ፖሊስ ቆሞ የሚያስተናግድ ከሆነ መብራቱን ተዉት፤ የእሱ እጅ ይበልጣል። ፖሊስ ከሌለ መብራቱ ያዛል። መብራቱ እየሠራ ከሆነ ደግሞ እዚያው የተተከለው የቅድሚያ ምልክት አይሠራም። መብራት ከሌለ ወይም ከጠፋ ወደ ምልክቱ ትሄዳላችሁ። «ከቀኝ ለሚመጣ ቅድሚያ ስጥ» የሚለው ደንብ የሚመጣው ይህ ሁሉ ከሌለ ብቻ ነው። ብዙ ተፈታኝ ግን በደንብ የሚያውቀው እሱን ስለሆነ መጀመሪያ እሱ ላይ ይዘላል።

አሁን ወረቀት አውጡና መስቀለኛ መንገድ ሣሉ። ምንም ምልክት አታድርጉበት። ቀይ መኪና ከታች ወደ ላይ ቀጥ ብላ ትሄዳለች። ነጭ መኪና ከወረቀቱ ቀኝ በኩል መጥታ ወደ ግራዋ ትታጠፋለች። ሰማያዊ መኪና ከላይ ወደ ታች ቀጥ ብላ ትወርዳለች።

ስህተቱ የሚጀምረው እዚህ ጋ ነው። ከላይ ለምትመጣው ሰማያዊ መኪና ቀኟ የቱ ነው? የወረቀቱ ቀኝ አይደለም! ሾፌሩ ፊቱን ወደ እናንተ ያዞረ ስለሆነ የእሱ ቀኝ የእናንተ ግራ ነው። ስለዚህ ለእያንዳንዱ መኪና ወረቀቱን አዙሩት፤ የመኪናው አፍንጫ ወደ ላይ እስኪሆን ድረስ። ፈተናው በኮምፒውተር ከሆነ በሐሳባችሁ መሪው ላይ ተቀመጡ።

በቀይዋ ስትቀመጡ በቀኛችሁ ነጭ አለች፤ ትጠብቃላችሁ። በነጭዋ ስትቀመጡ በቀኛችሁ ሰማያዊ አለች፤ ትጠብቃላችሁ። በሰማያዊዋ ስትቀመጡ ቀኛችሁ ባዶ ነው። ስለዚህ ሰማያዊ ቀድማ ታልፋለች፣ ነጭ ትከተላለች፣ ቀይ የመጨረሻ ናት።

አሁን በነጭ መኪና መንገድ ላይ «ቅድሚያ ስጥ» የሚለውን ምልክት ትከሉ፤ ጫፉ ወደ ታች የተዘቀዘቀ ባለ ቀይ ጠርዝ ሦስት ማዕዘን። ከላይ ወደ ታች ያለው መንገድ ደግሞ የቅድሚያ መንገድ ይሁን፤ ምልክቱ ነጭ ጠርዝ ያለው ቢጫ አልማዝ ቅርጽ ነው። አሁን ነጭ ከቀይ በስተቀኝ መሆኗ ምንም አይጠቅማትም። ቀይና ሰማያዊ በየመስመራቸው ቀጥ ብለው ስለሚሄዱ አይነካኩም፤ አብረው ያልፋሉ። ነጭ ሁለቱንም ትጠብቃለች። ምልክቶቹ ሲጨመሩ መጨረሻ የነበረችው ቀይ መጀመሪያ ከሚያልፉት አንዷ ሆነች።

አንድ ነገር ብቻ እንቀይር። ሰማያዊዋ የግራ ፍሬቻ አብርታለች እንበል። እሷም ቀይዋም የቅድሚያ መንገድ ላይ ናቸው፤ ታዲያ ማን ይቀድማል? ቀይ ናት። የቅድሚያ መንገዱ የሚያስቀድማችሁ ከጎን በሚመጣው ላይ ነው። ከፊት ለፊታችሁ ቀጥ ብሎ በሚመጣው ላይ ግን ምንም መብት አይሰጣችሁም፤ ወደ ግራ የሚታጠፍ እሱን ማሳለፍ አለበት። ቅደም ተከተሉ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ ይሆናል። አረንጓዴ መብራት ላይም ያው ነው፤ ለግራ ታጣፊ ለብቻው አረንጓዴ ቀስት ካልበራለት በስተቀር። እኔ ካየኋቸው ተፈታኞች ብዙዎቹ ነጥብ የጣሉት ይህቺ ላይ ነው።

የቀረው የ«ቁም» ምልክት ነው። ባለ ስምንት ማዕዘን ነው። ይህ ቅርጽና የተዘቀዘቀው ሦስት ማዕዘን ለሌላ ምልክት አይውሉም፤ ስለዚህ አቧራ ቢሸፍናቸው ወይም ከጀርባ ብታዩዋቸው እንኳ ትለዩአቸዋላችሁ። በሥዕሉ ላይ የሌላው መኪና ምልክት በጀርባው ከተሳለ ቅርጹን አንብቡ። «ቅድሚያ ስጥ» ላይ ፍጥነት ቀንሳችሁ፣ የሚመጣ ከሌለ ሳትቆሙ ማለፍ ትችላላችሁ። «ቁም» ላይ ግን መንገዱ ጭር ቢልም ጎማው ሙሉ በሙሉ መቆም አለበት። የምትቆሙት ከማቆሚያው መስመር በፊት ነው። ከዚያ ሆናችሁ ግራና ቀኙ ካልታያችሁ፣ ቀስ ብላችሁ እስኪታያችሁ ድረስ ተጠጉና ከማለፋችሁ በፊት እንደገና ተመልከቱ።